መሬትን በእርምጃና በገመድ ስለ መለካት፤ ስሕተቱም እስከ ምን እንደሚደርስ

አንድ ገበሬ ሁለት ደብተር ይዞ ከወረዳ ሹም ፊት ቢቆም፥ በፊተኛው ደብተር የተጻፈው የመሬቱ ስፋት ከኋለኛው በልጦ ቢገኝ፥ «ትርፉ መሬቴ ለማን ተሰጠ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ሹሙም መልስ ሊሰጠው የሚችለው አለካኩን ያወቀ እንደ ሆነ ነው። በአማራ ክልል የፊተኛው የይዞታ ምዝገባ በብዙ ቦታ በገመድ የተለካ ሲሆን፥ የኋለኛው ግን ከአየር በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ የተሠራ ነው። ስለዚህ ከደብረ ታቦር ከተማ ወጥቶ ወደ ጉና ተራራ በሚያቀናው ገደላማ አገር የሁለቱ ቁጥር መለያየት ሁልጊዜ የሌብነት ምልክት አይደለም። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከገመዱ፥ ከሒሳቡና ከአቀበቱ የሚመጣ ነው።

ገመድ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በደቡቡና በመካከለኛው አገር መሬት በቀላድ ተለክቶ በጋሻ ሲቈጠር፥ የበጌምድርና የጎጃም ርስት ግን በቀላድ ሳይለካ ቀረ። ጎጃም በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ባመፀ ጊዜም፥ መለካት ርስትን ያስነጥቃል የሚለው ፍርሃት ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። በዚህ አገር መሬት በጥማድ ይቈጠር ነበርና፤ ጥማድ ማለት አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው ነው። ዛሬ በመንግሥት ሒሳብ ሩብ ሄክታር፥ ማለት 2,500 ካሬ ሜትር ተደርጎ ቢታሰብም፥ የበሬው ጕልበትና የአፈሩ ጥንካሬ ስለሚያለዋውጠው እንደ ልክ ሊያዝ አይገባውም።

አሁን አንድ ማሳ ለምሳሌ እንውሰድ። ከጉና ሥር ያለ፥ አራት ማዕዘን ሆኖ ወደ አንድ ወገን የተጋደመ የገብስ ማሳ ይሁን። ለካዮቹ ዙሪያውን በገመድ ሲለኩት አራቱ ጎኖች በተራ 39፥ 56፥ 36ና 56 ሜትር ሆኑ። ከዚያም በብዙ ቦታ እንደ ተለመደው፥ ትይዩ የሆኑትን ጎኖች ደምረው ለሁለት ከፈሉና 37 ተኩልን በ56 አባዙ። ውጤቱም 2,100 ካሬ ሜትር ሆነ።

ይህ ሒሳብ የተሳሳተ ነው፤ ስሕተቱም ወደ አንድ ወገን ብቻ ያደላል። አራት በትሮችን ጫፍና ጫፋቸውን አስሮ ማዕዘናቸውን ቢያጋድሙት፥ የበትሮቹ ርዝመት ሳይለወጥ በመካከላቸው ያለው ስፋት ይቀንሳል። ጎኖቹን ብቻ መለካት ይህን መጋደም ከቶ አያሳይም። ማዕዘኖቹ ሁሉ ቀጥ ካላሉ በቀር፥ በዚህ መንገድ የተገኘ ቁጥር ከእውነተኛው ስፋት ምንጊዜም ይበልጣል እንጂ አያንስም።

መድኃኒቱ ሰያፉን መለካት ነው። ከአንዱ ማዕዘን እስከ ተቃራኒው ገመድ ሲዘረጋ በምሳሌአችን 80 ሜትር ሆነ፤ ማሳውም ከሁለት ሦስት ማዕዘን ተከፈለ። ከቀሩት ሁለት ማዕዘኖች ወደ ሰያፉ የሚወርደውን ቀጥተኛ ርቀት ለማግኘት መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ሰው የገመዱን ጫፍ በማዕዘኑ ላይ ይዞ ይቆማል፤ ሌላው 30 ሜትር ያኽል ለቆ ገመዱን እንደ ወጠረ እየዞረ ሰያፉን በሁለት ቦታ ይነካና ችካል ይተክላል። የሁለቱ ችካሎች መካከል ቀጥታው የሚያርፍበት ስፍራ ነው። (ገመዱ ሰያፉን ካልደረሰበት ጥቂት መልቀቅ ነው።) በዚህ ዐይነት አንደኛው ቀጥታ 25 ሜትር፥ ሁለተኛው 22 ሜትር ተገኘ። ሁለቱ ሲደመሩ 47 ነው፤ በ80 ተባዝቶ ለሁለት ሲከፈል 1,880 ካሬ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ የፊተኛው ሒሳብ ለመቶ 12 ያኽል አብዝቶ ነበር ማለት ነው፤ ይህም የሆነው ገመዱ አንዲት ጣት እንኳ ሳይሳሳት ነው።

ገና አልጨረስንም። ማሳው በሰያፉ አቅጣጫ፥ 10 ሜትር ወደ ፊት ሲኬድ 3 ሜትር የሚወርድ ቁልቁለት ቢሆን፥ በመሬቱ ገጽ የተዘረጋው ገመድ ከካርታው ርዝመት ለመቶ 4 ተኩል ያኽል ይበልጣል። ካርታ መሬትን ከላይ እንደሚታይ ጠፍጥፎ ያሳያልና፥ 1,880 የነበረው በካርታው ላይ 1,800 ሆኖ ይታያል። የመጋደሙ ስሕተትና የቁልቁለቱ ልዩነት ሲደመሩ ገበሬው 2,100 ብሎ የያዘው መሬት 300 ካሬ ሜትር ጎድሎ ይታየዋል፤ ማንም ግን ወሰኑን አልገፋውም። ቁልቁለቱን ለማረም ገመዱን በአምስት አምስት ሜትር እየከፈሉ፥ በታች ያለው ሰው ጫፉን እስከ ደረቱ ከፍ አድርጎ፥ ሁለቱ ጫፎች እኩል ከፍታ እስኪሆኑ መወጠርና፥ ከከፍተኛው ጫፍ በክር የተንጠለጠለ ድንጋይ መሬት የሚነካበትን ምልክት ማድረግ ይበቃል። ከዚያ ምልክት ደግሞ ወደ ታች ይቀጥላል።

ገመዱ ራሱም ይመረመር። የቃጫ ገመድ ውሃ ሲጠጣ ይኰማተራል፤ የናይሎን ገመድ ደግሞ ሲሳብ ይለጠጣል። 50 ሜትር የተባለው ገመድ ተለጥጦ 51 ቢሆን፥ 10,000 ካሬ ሜትር የሆነው መሬት 9,610 ያኽል ተብሎ ይጻፋል፤ ገመድ ሲረዝም ቁጥር ያንሳልና። በርዝመት ላይ ለመቶ 2 የሆነው ስሕተት በስፋት ላይ ለመቶ 4 እንደ ሆነ ልብ ይሏል። እንዲህ ያለው ጉድለት ደጋግሞ በመለካት አይገለጥም፤ አሥር ጊዜ ቢለኩ አሥር ጊዜ ያው ነው። ስለዚህ በጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ወይም በመንገዱ ዳር በታመነ ሜትር 50 ሜትር አስለክቶ ሁለት ምልክት ማድረግ፥ ገመዱንም ጧት ሲወጣና ማታ ሲገባ ከዚያ ላይ ማስተያየት ይገባል።

እርምጃን በተመለከተ ግምቱ ከዚህ ይልቅ ሻካራ ነው፤ ሆኖም ገመድ በሌለበት ይረዳል። አንድ ሰው በሜዳ ላይ እርምጃው 75 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፥ 80 ሜትሩን በ107 እርምጃ ይጨርሳል። ይኸው ሰው አቀበት ሲወጣ እርምጃው ወደ 68 ቢያጥር ግን 118 ይቈጥራል፤ በ75 ቢያባዛው 88 ሜትር ከግማሽ ይሆንበታል። ርዝመቱ ለመቶ 11 ያኽል በዛ ማለት ነው። አዲስ የታረሰ ትልምና ጭቃም እንዲሁ እርምጃን ያሳጥራሉ። ስለዚህ እርምጃ ቈጣሪው ልኩን የሚያወጣው በከተማው መንገድ ሳይሆን፥ ሊለካው ባለው ዐይነት መሬት ላይ፥ ሽቅብም ቁልቁልም ሦስት ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ይሁን።

ይህ ሁሉ ለወሰን ክርክር ብቻ አይደለም። ከምሳሌው ማሳ 5 ኩንታል ገብስ ቢገባ፥ መሬቱ 2,100 ነው ያለ ጸሓፊ በሄክታር 24 ኩንታል ሲጽፍ፥ 1,800 ነው ያለው 28 ይጽፋል። በሄክታር 100 ኪሎ ማዳበሪያ ቢታዘዝም አንደኛው 21 ኪሎ፥ ሁለተኛው 18 ኪሎ ያስወጣል። በወረዳው መዝገብ የሁለት ቀበሌ ምርት ሲወዳደር፥ የአንዱ አፈር የደከመ መስሎ የሚታየው በአለካክ ብቻ ሊሆን ይችላል።

በመዝገብም ስፋቱ ብቻ አይጻፍ፤ አራቱ ጎኖች፥ ሰያፉና ሁለቱ ቀጥታዎች፥ ገመዱ በገጽ የተዘረጋ ወይም በአየር የተወጠረ መሆኑም ይጻፍ። አዋሳኞች ባሉበት ሁለተኛ ጊዜ ሲለካ ውጤቱ ከፊተኛው ለመቶ 5 ከበለጠ፥ አስቀድሞ ሰያፉ እንደ ገና ይለካ፤ ርሱ ከተስማማ ቀጥሎ ገመዱ ይመርመር።