ለአርፋጅ ሠራተኛ የሚጻፍ ማስጠንቀቂያ

በኮልፌ ቀራንዮ ከአየር ጤና እስከ ዓለም ባንክ ባለው መንገድ ዳርና ዳር ብረት ሥራ፣ እንጨት ሥራ፣ ዳቦ ቤትና ስፌት ቤት ሞልቷል። እንደዚህ ያለ ቤት ብዙ ጊዜ የሰው ኃይል ክፍል የለውም። ሠራተኛ ሲያረፍድ ደብዳቤውን የሚጽፈው ባለቤቱ ወይም ሥራ አስኪያጁ ነው፤ ያውም በተናደደበት ሰዓት። በዚያ ሰዓት የሚወጣው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ይመስላል፦ «በተደጋጋሚ እያረፈድክ ድርጅቱን እየጎዳህ ነው። ይህን ስንፍናህን ካላረምክ ከባድ እርምጃ እንወስዳለን። ይህ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው።» ጸሐፊው ሠራተኛውን አጥብቆ የያዘ ይመስለዋል። እኔ ግን በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አሠሪውን የሚጠቅም አንድም ቃል አላገኘሁም።

ምክንያቱም ማስጠንቀቂያ በመጀመሪያ ደረጃ ማስረጃ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 27 ያለማስጠንቀቂያ የሥራ ውል የሚቋረጥባቸውን ምክንያቶች ሲዘረዝር መጀመሪያ ያነሳው ማርፈድን ነው። ሠራተኛው በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በሥራ ውል ተቀባይነት ያለው ምክንያት ሳይኖረው፣ በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ካረፈደ ውሉ ሊቋረጥ ይችላል። ከዚህ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ቁጥር አላስቀመጠም ነበር፤ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶም ያለበቂ ምክንያት በተደጋጋሚ ማርፈድ በቂ ነበር። ዛሬ ግን «በተደጋጋሚ» ብሎ ማለፍ አይቻልም። ስንት ጊዜ? መቼ? በስንት ሰዓት? ከላይ ያለው ደብዳቤ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የለውም። ክርክሩ ፍርድ ቤት ቢደርስ ስንብቱ በሕጋዊ ምክንያት መሆኑን ማስረዳት የአሠሪው ድርሻ ነው። ስንብቱ ሕገወጥ ከተባለ ደግሞ ሠራተኛው ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ካልተመለሰ ላልተወሰነ ጊዜ የተቀጠረ ከሆነ ካሳው የአማካይ የቀን ደመወዙ 180 እጥፍ ነው። አንድ ቀን እና አንድ ሰዓት ባለመጻፍ የሚመጣ ዕዳ ነው።

እንግዲህ ያንኑ ጉዳይ እንደገና እንጻፈው። ለምሳሌ ያህል አንድ የብረት ሥራ ቤት እንውሰድ፤ መግቢያው ከጠዋቱ 2:00 ነው፣ የአሻራ መቆጣጠሪያም አለው።

«ቀን፦ ህዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለአቶ … ባሉበት
ጉዳዩ፦ የሥራ መግቢያ ሰዓት ባለማክበር የተሰጠ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ

በድርጅታችን የሥራ ደንብ መሠረት የሥራ መግቢያ ከጠዋቱ 2:00 ነው። ይሁን እንጂ ከመግቢያ መዝገቡ እንደሚታየው ጥቅምት 4 ቀን 2:17፣ ጥቅምት 14 ቀን 2:24፣ ጥቅምት 25 ቀን 2:31፣ ህዳር 2 ቀን ደግሞ 2:12 ላይ ገብተዋል። ጥቅምት 25 ቀን ለዘገዩበት የታክሲ እጥረትን በምክንያትነት ገልጸዋል፤ ለሌሎቹ ቀናት የቀረበ ምክንያት አልተመዘገበም። ስለሆነም ከዛሬ ጀምሮ በመግቢያ ሰዓት እንዲገኙ፣ የሚያዘገይ ችግር ሲገጥምዎም ከ2:00 በፊት ለቅርብ ኃላፊዎ በስልክ እንዲያሳውቁ እናሳስባለን። ማርፈዱ ከቀጠለ ጉዳዩ በሥራ ደንቡና በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 27 መሠረት የሚታይ ይሆናል። በተጠቀሱት ቀናት ላይ ማስተካከያ ወይም ተጨማሪ ምክንያት ካለዎት በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ያቅርቡ፤ መልስዎ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በግል ማህደርዎ ይያያዛል።

ከሠላምታ ጋር
ግልባጭ፦ ለግል ማህደር»

«ስንፍና» ወጥቷል፤ ሰውየው ሰነፍ መሆኑን የአሻራ መሣሪያ አይመዘግብምና። «የመጨረሻ» የሚለውም ወጥቷል፤ ከዚያ በፊት የተጻፈ ሌላ ደብዳቤ በማህደሩ ከሌለ የመጀመሪያውን የመጨረሻ ማለት አሠሪው አስቀድሞ ቆርጦ ተነስቷል ያሰኛል። «አንተ» ወደ «እርስዎ» የተለወጠው ለጨዋነት ብቻ አይደለም፤ ያለ ቁጣ የተጻፈ ወረቀት በሦስተኛ ሰው ፊት ሲነበብ ክብደት ስላለው ነው። 5ቱ የመልስ ቀናት ከአዋጁ የመጡ አይደሉም፤ ቤቱ ራሱ የሰጣቸው ናቸው። እኔ ግን ይህን ዓረፍተ ነገር ከሁሉም በላይ አስፈላጊ አድርጌ አየዋለሁ፤ ሠራተኛው ተጠይቆ መልስ ነስቶ እንደሆነ ወይም መልሱ ተሰምቶ እንደሆነ የሚታወቀው በሱ ነው።

ቁጥሮቹ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ቦታ አለ። መሣሪያው በፈረንጅ ካላንደርና ሰዓት ከተሞላ 2024-11-11 08:12 ብሎ የሚያትመው ህዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2:12 ነው። ደብዳቤው በአንዱ፣ መዝገቡ በሌላው ቆጠራ ሆኖ ሳይመሳከር ከቀረ ቀኑ ይዛባል፤ ሠራተኛው ያን ቀን ፈቃድ ላይ እንደነበረ ካሳየ ደግሞ የቀሩት ሦስቱም ይጠረጠራሉ። ከመፈረም በፊት ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ማየት ግድ ነው።

የሚነሳ ተቃውሞ አለ፤ በኮልፌ በኩል ያለ አሠሪ ደግሞ ደጋግሞ ያነሳዋል። ታክሲን ምክንያት ብለን ከተቀበልን ማን በሰዓቱ ይመጣል? በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር የምዕራብ መጨረሻው ጦር ኃይሎች ነው፤ ከዚያ ወዲያ ለአየር ጤናም ለዓለም ባንክም ታክሲና አውቶቡስ ነው፣ ጠዋት ሰልፍ ነው። ሁሉም ሰው ይህን ስለሚያውቅ ምክንያቱ ለሁሉም ይሠራል ማለት ነው። ነገር ግን ምክንያትን መመዝገብ ከመቀበል የተለየ ነው። ደብዳቤው ታክሲ ጠፋ የተባለበትን ቀን ለይቶ ጽፏል፤ ይቅር አላለም፣ አልደበቀም። ሦስት ባልደረቦች በዚያው ሰልፍ ቆመው በዚያው ቀን አርፍደው ለአንዱ ብቻ ከተጻፈ ግን ችግሩ የታክሲ መሆኑ ይቀርና የአድልዎ ይሆናል። በዚህ ነጥብ አሠሪው ራሱን መጠየቅ አለበት፤ ብዙ ሰው አንድ ቀን ካረፈደ ያ ቀን ከዝርዝሩ ቢወጣ ይሻላል።

ሌላው ተቃውሞ እንዲህ ያለው ለስላሳ ደብዳቤ ማንንም አያስፈራም የሚል ነው። እኔ ከዚህ አባባል ጋር አልስማማም። አራት ቀን ከነደቂቃው ተቆጥሮ የደረሰው ሰው አምስተኛውም እንደሚቆጠር ያውቃል፤ «ከባድ እርምጃ» ከሚለው ይልቅ ይህ ነው የሚያሳስበው። ከማስጠንቀቂያው በፊት የነበሩት ቀናት ከ8ቱ ውስጥ ይገባሉ ወይስ አይገቡም የሚለው ራሱ ሊያከራክር ይችላል፤ ጠንቃቃ አሠሪ ግን ጥርጣሬውን በራሱ ላይ አድርጎ ከደብዳቤው በኋላ ያሉትን ለይቶ ይቆጥራል። ቆጠራውን ካጠናቀቀ በኋላም ለዓመት አቆይቶ መምዘዝ አይችልም፤ አሠሪው ውሉን የማቋረጥ መብቱ ምክንያቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀመበት ቀሪ ይሆናል።

የቀረው ማድረስ ነው። ሠራተኛው ሲፈርም የሚፈርመው «ደብዳቤው ደርሶኛል» በሚል መስመር ሥር እንጂ «ጥፋቴን አምኛለሁ» በሚል አይሁን፤ ብዙ ሰው አልፈርምም የሚለው ሁለቱ ተደበላልቀው ስለሚቀርቡለት ነው። ያም ሆኖ እምቢ ካለ አይለመንም፣ አይዛትበትም። በደብዳቤው ግርጌ አልፈርምም ማለቱ ከነቀኑ ይጻፍና በቦታው የነበሩ ሁለት ሰዎች ይፈርሙበት፤ ቅጂው ግን ለሠራተኛው ይሰጠው።