ጠቅ እያለ የሚቆም ፍሪጅ

«እምም ይላል፣ ጠቅ ይላል፣ ዝም ይላል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ እንደ አዲስ ይጀምራል።» አንዲት ባለሱቅ ስለ ዲፕ ፍሪዘራቸው በስልክ የነገሩኝ ይህን ነበር። ከእኔ በፊት ያየው ባለሙያ «ኮምፕሬሰሩ ተቃጥሏል፣ ይቀየር» ብሏቸዋል። «ልጄ፣ ድምፅ የሚያሰማ ነገር እንዴት ተቃጠለ ይባላል?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ልክ ነበር። እምም የሚለው ሞተሩ ነው፤ ኤሌክትሪክ ደርሶታል፣ መዞር ግን አቅቶታል። መዞር ያቃተው ሞተር ሁሉ ደግሞ የተቃጠለ አይደለም።

በታሸገው ጥቁር ኮምፕሬሰር ውስጥ ያለው ሞተር ሁለት ጥቅል ሽቦዎች አሉት። አንዱ ሥራ ላይ እስካለ ድረስ የሚያዞረው የማስኬጃ ጥቅል ነው። ሁለተኛው የማስነሻ ጥቅል ይባላል፤ ሥራው ከቆመበት ገፋ አድርጎ ማስነሳት ብቻ ነው። የማስኬጃው ጥቅል ብቻውን ኤሌክትሪክ ቢያገኝ ሞተሩ ባለበት ይንቀጠቀጣል እንጂ አይነሳም። እኛ የምንሰማው እምምታ ይህ ነው። በዚያች ሰዓት ሞተሩ ሲዞር ከሚወስደው አምስትና ስድስት እጥፍ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ በዚሁ ከቀጠለ ጥቅሉ እውነትም ይቃጠላል።

በኮምፕሬሰሩ ጎን፣ በትንሽ የፕላስቲክ ክዳን ሥር የተሰኩት ዕቃዎች የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው። ሪሌው ለማስነሻው ጥቅል ኤሌክትሪክ ይሰጥና ሞተሩ እንደተነሳ ያቋርጠዋል። የማስነሻ ካፓሲተር ያለው ፍሪጅ ከሆነ፣ ካፓሲተሩ ለዚያ ግፊት ተጨማሪ ጉልበት ይሰጣል። ብዙ የቤት ፍሪጆች ግን ይህ ካፓሲተር የላቸውም፤ ስለዚህ ክዳኑን ከፍቶ ያላገኘው ሰው የጎደለ ነገር አለ ብሎ አይደናገጥ። ኦቨርሎዱ ዘበኛ ነው። በውስጡ ሲሞቅ የምትቀለበስ ትንሽ ብረት አለች፤ ኤሌክትሪኩ ሲበዛ ወይም የኮምፕሬሰሩ ገላ ሲግል ትቀለበስና መስመሩን ትቆርጣለች። ስትበርድ ትመለሳለች።

ያ ጠቅታ እንግዲህ አብዛኛውን ጊዜ የኦቨርሎዱ ነው። በአሁኖቹ የቤት ፍሪጆች ላይ የሚገኘው ፒቲሲ የሚባለው ሪሌ የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለው ጠቅ ሊል አይችልም። ውስጡ ያለው ሳንቲም የምታክል የሴራሚክ ቁራጭ ናት፤ ስትቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ ታሳልፋለች፣ በቅጽበት ስትግል ደግሞ ትዘጋለች። «ጠቅ የሚለው ሪሌው ነው» ብሎ ሪሌ መቀየር፣ ወይም «ኦቨርሎዱ አስቸገረ» ብሎ በሽቦ ማገናኘት የሚመጣው ይህን ካለመለየት ነው። ሁለተኛው አደገኛ ነው። ዘበኛው የጮኸበትን ምክንያት ሳናገኝ ዘበኛውን ካስወገድን፣ ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል።

ክዳን ከመክፈት በፊት ሰዓት ይዞ ማዳመጥ ይሻላል። ፍሪጁን ነቅዬ አሥር ደቂቃ ያህል እጠብቃለሁ፤ ከዚያ እሰካና እቆጥራለሁ። እምም ብሎ ሳይነሳ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ሰከንድ ባለው ጊዜ ጠቅ ካለ፣ ሞተሩ ግፊቱን አላገኘም ማለት ነው፤ ወይ ሪሌው፣ ወይ ካፓሲተሩ፣ ወይ የመብራቱ ኃይል ማነስ፣ ወይ የኮምፕሬሰሩ ራሱ መንከስ። ተነስቶ እየሠራ፣ ግን ከባድ ድምፅ እያሰማ ከግማሽ ደቂቃ ገደማ በኋላ ጠቅ ካለ፣ ግፊቱን አግኝቷል ነገር ግን አልተቋረጠለትም፤ ሪሌው ተጣብቋል። በሰላም ተነስቶ፣ በመደበኛ ድምፁ ደቂቃዎች ሠርቶ ጠቅ ካለ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ደከመ ኦቨርሎድ ወይም ወደ መጠን ያለፈ ሙቀት ይሄዳል። ምንም ድምፅ ከሌለ መስመሩ የሆነ ቦታ ተቋርጧል።

አሥር ደቂቃ መጠበቁ ያለ ምክንያት አይደለም። ፍሪጅ ሲቆም በውስጡ ያለው ጋዝ በአንድ ወገን ተጨምቆ ይቆያል፤ ሁለቱ ወገኖች እስኪስተካከሉ ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል። የፒቲሲዋ ሴራሚክም ለመብረድ እንዲሁ ጊዜ ትፈልጋለች። መብራት ሄዶ በደቂቃ ውስጥ ሲመለስ ፍሪጁ አንዴ ሁለቴ ጠቅ ብሎ በኋላ የሚነሳው በዚህ ነው፤ ያ ብልሽት አይደለም። ከፍሪጁ ፊት መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ አዘግይቶ የሚሰጥ ዕቃ ማስገባት ይህን ድካም ያስቀርለታል።

ባለሱቋ ጋ ስደርስ መጀመሪያ የጠየቅኋቸው ችግሩ እንዴት እንደጀመረ ነው። «መጀመሪያ ይነሳ ነበር፤ ግን እያጓራ ትንሽ ሠርቶ ይቆማል። እንደዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው ጭራሽ መነሳት ያቆመው» አሉኝ። ይህ መልስ በኋላ ሁሉንም ነገር ፈታው፤ ያን ጊዜ ግን በልቤ ብቻ ያዝሁት።

ሰክቼ ቆጠርሁ፤ በስምንተኛው ሰከንድ ጠቅ አለ። በክላምፕ ሜትር የሚስበውን ስለካው ወደ 9 አምፔር ነበር። ስለዚህ ኦቨርሎዱ የቆረጠው በትክክል ነው። ይህ ልኬት ለኦቨርሎድ ከሁሉ የተሻለው ፍርድ ነው፤ ምክንያቱም ዕቃውን ነቅሎ በቴስተር ቢለኩት የደከመውም ጤነኛውም ሲቀዘቅዝ ዜሮ ኦም አካባቢ ያሳያሉ። በቴስተር የሚለየው ጭራሽ የተቆረጠውን ብቻ ነው። ሞተሩ አንድ አምፔር አካባቢ እየሳበ፣ ገላውም ሳይግል ኦቨርሎዱ ከቆረጠ፣ ያኔ ጥፋተኛው ራሱ ነው።

ቀጥሎ ሶኬቱ ላይ ቮልቱን ለካሁ፤ ግን ፍሪዘሩ ሊነሳ በሚታገልባት ቅጽበት ነው የለካሁት። ዝም ባለ ሶኬት ላይ 220 የሚያሳይ መስመር፣ በላላ ዲቫይደር ወይም በቀጭን ማራዘሚያ ምክንያት ሞተሩ ሲስብ ወደ 180 ሊወርድ ይችላል። የሞተሩ የመነሻ ጉልበት ደግሞ ከቮልቱ በላይ ፈጥኖ ይወድቃል፤ በ180 ቮልት ከጉልበቱ የሚቀረው ሁለት ሦስተኛው ገደማ ነው። የባለሱቋ መስመር ከ214 ወደ 206 ብቻ ወረደ። ችግሩ እዚያ አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ፍሪጁ ከሶኬት ተነቅሎ የሚሠራ ነው። ክዳኑን ከፈትሁና ካፓሲተሩን ከመንካቴ በፊት አፈሰስሁት። ካፓሲተር ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይና ሰው ሊመታ ይችላል። በጠመንጃ መፍቻ ማገናኘት ብልጭታ ስለሚፈጥርና ካፓሲተሩንም ስለሚጎዳ፣ የ20 ሺህ ኦም ሬዚስተር በሁለቱ እግሮቹ ላይ አሥር ሰከንድ ያህል እይዛለሁ፤ ከዚያም ቮልቱ መጥፋቱን በቴስተር አያለሁ።

ሪሌውንና ኦቨርሎዱን ስነቅል ሦስቱ የኮምፕሬሰሩ ፒኖች ወጡ። አንዱ የጋራ፣ አንዱ የማስኬጃ፣ አንዱ የማስነሻ ነው። ከጋራው ወደ ማስኬጃው 9 ኦም፣ ከጋራው ወደ ማስነሻው 16፣ በማስነሻውና በማስኬጃው መካከል 25 አነበብሁ። ትልቁ ቁጥር የሁለቱ ድምር መሆን አለበት፤ ነውም። ከእያንዳንዱ ፒን ወደ ኮምፕሬሰሩ ገላ ደግሞ ምንም አያስተላልፍም። ቀለሙን ፋቅ አድርጎ ባዶ ብረት ላይ መለካት ያስፈልጋል፤ ቀለም ላይ የተደገፈ ቴስተር የተቃጠለውንም ጤነኛ ያስመስላል። «ተቃጠለ» የተባለው ሞተር ጥቅሎቹ ደህና ነበሩ።

ይህ ፍሪዘር የነበረው ሪሌ ፒቲሲ ሳይሆን ባለ ኮይሉ ነው። ፒቲሲ ቢሆን ኖሮ ምርመራው አጭር ነበር። ሲቀዘቅዝ በአብዛኛው ከ10 እስከ 40 ኦም ያሳያል፤ ጭራሽ ካላስተላለፈ፣ ወይም ሲነቀነቅ እንደ ስባሪ ሸክላ ከተንኳኳ ሴራሚኩ ተሰብሯል። ባለ ኮይሉ ሪሌ ግን ሲነቀነቅ መንኳኳቱ ጤናው ነው፤ ውስጡ ወደ ላይና ወደ ታች የምትሄድ ብረት አለች። በሞተሩ የመነሻ ኤሌክትሪክ ተስባ ወደ ላይ ትወጣለች፣ ሞተሩ ሲነሳ በክብደቷ ትወድቃለች። ስለዚህ እንደተሰካበት ቀጥ ብሎ ሲያዝ ኮንታክቱ ክፍት፣ ሲገለበጥ ዝግ መሆን አለበት።

ስገለብጠው ዘጋ፤ ሳቀናው ከፈተ። ወደ ካፓሲተሩ ዞርሁ። ላዩ ላይ 80 ማይክሮፋራድ ይላል፤ ሜትሩ 17 አለኝ። ሆዱም ትንሽ አብጧል። በዚህ አቅሙ ሞተሩን ሊያስነሳው አይችልም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ አዲስ ካፓሲተር ገጥሞ ይሄዳል፤ ይነሳልም። እኔ ግን የባለሱቋ ሁለት ሳምንት አልለቀቀኝም። እያጓራ ሠርቶ የሚቆም ሞተር ማስነሻው ያልተቋረጠለት ሞተር ነው። የማስነሻ ካፓሲተር የተሠራው ደግሞ ለጥቂት ሰከንድ ነው፤ ግማሽ ደቂቃ መስመር ላይ ከቆየና ይህም ደጋግሞ ከደረሰበት ውስጡ ይፈላል።

ሪሌውን ደጋግሜ ገለበጥሁ። በሰባተኛው ጊዜ ሳቀናው ኮንታክቱ ዝግ እንደሆነ ቀረ። በጣቴ ቸብ ሳደርገው ለቀቀ። የኮንታክቱ ጫፎች በብልጭታ ተበልተው አልፎ አልፎ ይጣበቁ ነበር። ካፓሲተሩን የገደለው ይህ ነው፤ ካፓሲተሩን ብቻ ብቀይር አዲሱም ዕድሜው አጭር ይሆን ነበር።

ሁለቱንም ቀየርሁ። ካፓሲተሩ በማይክሮፋራዱ እንደ ቀድሞው፣ በቮልቱ ከቀድሞው ያላነሰ መሆን አለበት። ሪሌው ደግሞ ለዚያው ኮምፕሬሰር የሚስማማ መሆን ይኖርበታል፤ ብረቷ በስንት አምፔር ተነስታ በስንት እንደምትወድቅ ከሞተሩ ጋር ካልተመጣጠነ፣ ወይ አትነሳም ወይ አትወድቅም። ሪሌው ቀጥ ብሎ መሰካቱን አይቼ ክዳኑን መለስሁ። ክዳኑ ተከፍቶ ኤሌክትሪክ መስጠት ክልክል ነው። ፒኖቹ የሚያልፉበት መስታወት ሊፈነዳ ይችላል፤ በአዳዲስ ፍሪጆች ውስጥ ያለው ጋዝም ብዙ ጊዜ ተቀጣጣይ ነው።

ሰካሁት። ሰከንድ ሳይሞላ ተነሳ፤ አምፔሩ ከፍ ብሎ ወዲያው ወደ 1.6 ወረደ፤ ሪሌው ሲለቅ ያሰማት ትንሿ ቀጭታ ተሰማች። ነቅዬ አሥር ደቂቃ ጠብቄ ደገምሁት፤ ከዚያም ለሦስተኛ ጊዜ። ሦስቱም ጊዜ ያው ነው። ሁሉም ዕቃ ጤነኛ፣ ቮልቱም በቂ ሆኖ ሞተሩ አሁንም እምም ብሎ ጠቅ ቢል ኖሮ፣ ያን ጊዜ እኔም ለባለሱቋ «ኮምፕሬሰሩ ነክሷል፣ ይቀየር» እላቸው ነበር።