ስንት ካርቶን ሴራሚክ ይበቃል?

ሴራሚክ የሚሸጥልን በካሬ ሜትር ነው፤ የሚነጠፈው ግን በፍሬ ነው። የወለል ሒሳብ የሚዛባው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። የክፍሉን ርዝመት በወርዱ አባዝቶ፣ ለሚሰበረው ብሎ ከመቶ አሥር ጨምሮ የገዛ ሰው ሒሳቡን የሠራ ይመስለዋል። ሴራሚኩ ግድግዳው ጥግ ደርሶ ሲቆረጥ ምን እንደሚሆን ግን አላሰላም።

ርዝመቱ 4.30 ሜትር፣ ወርዱ 3.40 ሜትር የሆነ መኝታ ቤት እንውሰድ። ሴራሚኩ 60 በ60 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በፍሬና በፍሬ መካከል 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዋል። ልኬቱ ከተለሰነ በኋላ ከሁለቱም ጫፍና ከመሃል መወሰድ አለበት፤ ግድግዳ ቀጥ ያለ ቢመስልም ሁለትና ሦስት ሳንቲ ሜትር መዛነፉ የተለመደ ነው። ለሒሳቡ የሚያዘው ትልቁ ልኬት ነው።

የወለሉ ስፋት 14.62 ካሬ ሜትር ነው። አንዱ ሴራሚክ 0.36 ካሬ ሜትር ስለሚሸፍን በስፋት ብቻ ካሰብነው 41 ፍሬ ይበቃል። አሁን በረድፍ እንቁጠረው። በርዝመቱ በኩል 7 ሙሉ ሴራሚክ ይገባና፣ ክፍተቶቹ ሲቀነሱ 8 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይተርፋል። በወርዱ በኩል 5 ሙሉ ይገባና 38.5 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል። እንግዲህ 35 ሙሉ ሴራሚክ አለን፤ ለ38.5ቱ ረድፍ ደግሞ 7 ፍሬ ይቆረጣል። ከእያንዳንዱ 21 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ስለሚተርፍ፣ ባለ 8 ሳንቲ ሜትሩ ጠባብ ረድፍ ከነዚህ ቁራጮች ሊወጣ ይችላል። ድምሩ 42።

ቆጣቢ ነው፤ ግን የሚያምር ወለል አይደለም። አንድ ግድግዳ ሥር ጣት የምታህል ቁራጭ ተደርድራ ስትታይ ዓይን ትቆረቁራለች፤ ግድግዳው ትንሽ ከተዛነፈ ደግሞ ቁራጯ በአንድ ጫፍ 8፣ በሌላው 6 ሆና መዛነፉን ታጋልጣለች። ቀጭን ስለሆነች ስትቆረጥም ቶሎ ትሰበራለች። ስለዚህ ጥሩ ባለሙያ ከረድፉ አንድ ሙሉ ሴራሚክ ያወጣና የቀረውን ቦታ ለሁለት ይከፍለዋል። 6 ሙሉ መሃል ላይ ይሆናል፤ በግራና በቀኝ እኩል 34 ሳንቲ ሜትር ይገባል።

ዋጋው እዚህ ላይ ይመጣል። ሁለት 34 ሳንቲ ሜትር ከአንድ ባለ 60 ሴራሚክ አይወጣም፤ ለእያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ሙሉ ፍሬ ይጠፋል። በአንድ ረድፍ 8 ፍሬ፣ 6 ረድፍ፣ በድምሩ 48። ወለሉም ሴራሚኩም ያው ነው፤ አነጣጠፉ ብቻ ተለውጦ 6 ፍሬ ጨመረ።

የተረፉት ቁራጮች ግን አይጣሉ። በሩ ሥር የግድግዳውን ውፍረት ያህል የሚነጠፈው ከነሱ ይወጣል። ዘኮሎውም ከዚያው ሴራሚክ ከሆነ ከነሱ ሊቆረጥ ይችላል፤ የፋብሪካው ጠርዝ ወደ ላይ፣ የተቆረጠው ወደ ታች መዋል አለበት።

የሚሰበረውን የምንጨምረው ከዚህ በኋላ ነው። በተለምዶ የሚባለው ከመቶ አሥር መቆረጡንም መሰበሩንም አንድ ላይ የያዘ ግምት ነው። እኛ ግን ቁራጩን በፍሬ ቆጥረን ጨርሰናል፤ ስለዚህ ከመቶ አምስት ይበቃል። የ48 ከመቶ አምስት 2.4 ነው፤ ግማሽ ሴራሚክ ስለማይሸጥ 3 እንበለው። 51 ፍሬ ሆነ። ሴራሚኩ በሰያፍ የሚነጠፍ ቢሆን ሁሉም ጠርዝ ላይ ሦስት ማዕዘን ስለሚቆረጥ ይህ አቆጣጠር አይሠራም፤ ያኔ በስፋቱ ላይ ከመቶ አሥራ አምስት ማሰብ ይሻላል።

ባለ 60 በ60 ሴራሚክ ብዙ ጊዜ በካርቶን 4 ፍሬ፣ ማለትም 1.44 ካሬ ሜትር ይዞ ይመጣል፤ ያም ቢሆን ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ነው። 51ን ለ4 ስናካፍል 13 ካርቶን እንገዛለን። በስፋት አስልቶ ከመቶ አሥር የጨመረው ሰውዬስ? 16.08 ካሬ ሜትር ይደርስና 12 ካርቶን ይገዛል፤ ይህም 48 ፍሬ ነው። ልክ በቃው! ግን አንዲት ፍሬ መኪና ላይ ብትሰነጠቅ ወይም ስትቆረጥ ጫፏ ቢፈነከት ሥራው ይቆማል። በሁለቱ ሒሳብ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ካርቶን ብቻ ነው።

ያንን አንድ ካርቶን በኋላ እገዛዋለሁ ማለት አያዋጣም። የአንድ ሞዴል ሴራሚክ በየምርቱ ዙር ቀለሙ በትንሹ ይለያያል፤ አንዳንዴ መጠኑም በሚሊ ሜትር ይለያያል። ሱቁ ውስጥ ለብቻው ሲታይ ልዩነቱ አያስታውቅም፤ ከቀድሞው ጎን ሲነጠፍና የመስኮት ብርሃን ሲያርፍበት ነው የሚለየው። ካርቶኑ ጎን ላይ ከሞዴሉ ስም ሌላ የቀለሙና የመጠኑ ቁጥር ታትሟል፤ 13ቱም ካርቶን ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን ከመጫኑ በፊት አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል።