ከአማርኛ መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ ወረቀት፦ የሰው ሐሳብ እንዴት ይወሰዳል?

በሙየንጋ፣ በካባላጋላና በካንሳንጋ ሆናችሁ ዩኒቨርሲቲ የጀመራችሁ ሐበሻ ተማሪዎች፣ ብዙ ጊዜ ያነበባችሁት አማርኛ ይሆንና የምታስረክቡት ወረቀት እንግሊዝኛ ይሆናል። «ከአማርኛ መጽሐፍ አንድ አንቀጽ ወደ እንግሊዝኛ ብመልሰው የራሴ ሆነ ማለት ነው?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። አልሆነም። ቋንቋው ተለወጠ እንጂ ሐሳቡም የሐሳቡ ቅደም ተከተልም የደራሲው ነው። ምንጩን ካልጠቀሳችሁ የሰው ሥራ እንደ ራስ አድርጎ ማቅረብ ነው፤ ዜሮ ሊያሰጥ፣ ከዚያም አልፎ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ሊያቀርብ ይችላል።

መውሰጃ መንገዶቹ ሦስት ናቸው። ለማሳያ እኔው የጻፍኩትን ይህን አንቀጽ ከአንድ መጽሐፍ አገኘነው እንበል፦

«ከጋባ ተጣርቶ የሚመጣው ውሃ በፓምፕ ወደ ሙየንጋ ኮረብታ አናት ይገፋል። እዚያ ካሉት ትልልቅ ታንከሮች በራሱ ክብደት ቁልቁል ወደ ከተማዋ ይወርዳል። ኮረብታው ታንክ ሂል የተባለውም በዚህ ነው።»

መጀመሪያ ቃል በቃል መጥቀስ አለ። የደራሲውን ቃል ሳትነኩ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ታስገቡና ምንጩንና ገጹን ትጽፋላችሁ። መሃል ላይ የዘለላችሁት ካለ በሦስት ነጥብ ታሳያላችሁ። ይህ መንገድ የሚያስፈልገው አነጋገሩ ራሱ ቁም ነገር ሲሆን ነው፦ የሕግ አንቀጽ፣ ግጥም፣ የሚያከራክር አባባል። ስለ ውሃ ታንከር የሚያወራ አንቀጽ ግን ቃል በቃል የሚጠቀስበት ምክንያት አይታየኝም።

ሁለተኛው በራስ አባባል መግለጽ ነው። ሐሳቡን ሳታጎድሉ በራሳችሁ አነጋገር ትጽፉታላችሁ፤ ርዝመቱም ከዋናው ብዙ አይርቅም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ከጋባ ተጣርቶ የሚደርሰው ውሃ በፓምፕ ወደ ሙየንጋ ኮረብታ ጫፍ ይላካል» ቢባል ሦስት ቃል ተቀየረ እንጂ ዐረፍተ ነገሩ ያው የደራሲው ነው። ከዚህ ጋር አስተያዩት፦ «ከተማዋ የሙየንጋን ውሃ የምታገኘው ታንከሮቹ ከፍታ ላይ ስለተቀመጡ ነው፤ ፓምፕ የሚያስፈልገው የተጣራውን ውሃ ከጋባ ወደ ኮረብታው ለማውጣት ነው። የኮረብታው ቅጽል ስምም ከእነዚሁ ታንከሮች የመጣ ነው።» አነሳሱም አካሄዱም ተለውጧል፤ ፍሬ ነገሩ ግን አልጎደለም።

እንዲህ ለመጻፍ አንቀጹን ሁለት ሦስት ጊዜ አንብቡ። መጽሐፉን ዝጉ። ለጓደኛ እንደምትነግሩ አድርጋችሁ በቀጥታ በእንግሊዝኛ ጻፉት። ከዚያ መጽሐፉን ከፍታችሁ የሳታችሁት ነገር እንዳለ አመሳክሩ። ለአንድ አንቀጽ ሩብ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። መጽሐፉን ገልጣችሁ መስመር በመስመር ከተረጎማችሁ ግን የደራሲው አካሄድ ተከትሏችሁ ይመጣል።

ሦስተኛው ማሳጠር ነው፦ «በሙየንጋ የሚጠራቀመው የጋባ ውሃ ወደ ከተማዋ የሚወርደው ያለ ፓምፕ ነው።» አንድ ምዕራፍ በዚህ መልክ በሦስት ዐረፍተ ነገር ሊያልቅ ይችላል።

«በራሴ ቃል ከጻፍኩትስ ምንጭ ለምን እጠቅሳለሁ?» ሐሳቡን ያገኛችሁት ከሰው ስለሆነ ነው። በሦስቱም መንገድ ምንጩ ይጠቀሳል።

«ከአማርኛ ራሴ የተረጎምኩትን ዐረፍተ ነገር ትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ላስገባው?» ይህ ትምህርት ክፍላችሁ በሚከተለው የአጻጻፍ ሥርዓት ይወሰናል። የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር ሥርዓት፣ ኤፒኤ የሚባለው፣ ራሳችሁ የተረጎማችሁትን በራስ አባባል እንደተገለጸ ይቆጥረዋል፤ ስለዚህ ትእምርተ ጥቅስ አይገባበትም። በሥነ ጽሑፍ ትምህርት የተለመደው ኤምኤልኤ ግን ትእምርተ ጥቅሱን ይዞ፣ ትርጉሙ የእናንተ መሆኑን እንድትገልጹ ይፈልጋል። ስለዚህ መጀመሪያ መምህራችሁን ጠይቁ።

የእኛ ምንጮች ሁለት ነገር ላይ ያስቸግራሉ። አንደኛው ስም ነው። ፈረንጆች በቤተሰብ ስም ይጠቅሳሉ፤ የእኛ ሁለተኛ ስም ግን የአባት ነው። የታሪክ ምሁሩን ባሕሩ ዘውዴን «ዘውዴ» ብሎ መጥቀስ አባቱን ደራሲ ማድረግ ነው። በኢትዮጵያ ጥናት የተለመደው «ባሕሩ ዘውዴ» ብሎ ሳይገለብጡ መጻፍና በዋቢዎች ዝርዝር ውስጥም በ«ባሕሩ» ፊደል ተራ ማስገባት ነው። ዋቢ የሚያዘጋጁ ፕሮግራሞች ስሙን በራሳቸው ይገለብጡታልና፣ ከማስረከባችሁ በፊት እያንዳንዱን አይታችሁ አስተካክሉ።

ሌላው ዓመት ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። እንግሊዝኛ ወረቀት ላይ 1958 ብቻ ብትጽፉ አንባቢው መጽሐፉን ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይወስደዋል። የታተመበትን ወር ካወቃችሁ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ለሆነው ሰባት፣ ከዚያ ወዲህ ላለው ስምንት ደምሩ። ወሩን ካላወቃችሁ 1965/66 ብላችሁ ሁለቱንም ዓመት ጻፉ፤ 1958 ዓ.ም. የሚለውንም በቅንፍ አስከትሉት። የመጽሐፉን ርዕስ ደግሞ በላቲን ፊደል እንደሚነበበው ጽፋችሁ ፍቺውን አጠገቡ አስቀምጡለት።