ከ40 ደቂቃ አንዷን መምረጥ፦ የተማሪ ዘጋቢ ፊልም ከመዝገብ እስከ ኤክስፖርት

የመመረቂያ ፊልሙን በሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ላይ የሚሠራ አንድ የተማሪዎች ቡድን እናስብ። ቡድኑ 8 ሰዓት ቀርጿል፤ የሚጠበቅበት ፊልም ግን 12 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ከየ40 ደቂቃው ቀረጻ 39ኙ ይቀራል፣ አንዱ ብቻ ይገባል። ብዙ ተማሪዎች ይህን ምርጫ ሶፍትዌሩን ከፍተው፣ ክሊፕ በክሊፕ ላይ እየደረደሩ ለማድረግ ይሞክራሉ። ሳምንታት ያልፋሉ፤ ታሪኩ ግን መልክ አይዝም። ምርጫው መደረግ ያለበት ቀደም ብሎ፣ በመዝገብ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውም ሥራ ተራውን ካልጠበቀ ዛሬ የተሠራው ነገ ይፈርሳል።

ፋይሎቹን ማስቀመጥና ማጣመር

ካሜራው በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚጽፍ ከሆነ አንድ ሰዓት ቀረጻ 45 ጊጋባይት፣ 8 ሰዓቱ ደግሞ 360 ጊጋባይት ይይዛል። ይህ ሁሉ በሁለት ሀርድ ዲስክ ላይ ይገለበጣል፤ ሁለቱ ዲስኮችም በሁለት የተለያዩ ቤቶች ይቀመጣሉ። ቅጂዎቹ ተከፍተው እስኪታዩ ድረስ ሚሞሪ ካርዱ አይጠፋም። እያንዳንዱ ፋይል ቀኑንና ካሜራውን የሚናገር ስም ይሰጠዋል። ለምሳሌ `SM_D2_A_014` ማለት ሽሮ ሜዳ፣ ሁለተኛ ቀን፣ ካሜራ ኤ፣ 14ኛ ክሊፕ ማለት ነው። ኤዲቲንግ ከተጀመረ በኋላ ስም መቀየር የለበትም፤ ሶፍትዌሩ ፋይሉን የሚያገኘው በስሙና በቦታው ስለሆነ፣ ስሙ ከተቀየረ በምስሉ ፋንታ `Media Offline` የሚል ጽሑፍ ያወጣል።

የተማሪ ላፕቶፕ ከባዱን ፋይል ያለ መንተባተብ ማጫወት ካልቻለ ፕሮክሲ ይዘጋጃል። ፕሮክሲ የዋናው ፋይል ቀላል ቅጂ ነው። በሰከንድ 8 ሜጋቢት ቢሠራ 8 ሰዓቱ ወደ 29 ጊጋባይት ገደማ ይወርዳል። የፍሬም ፍጥነቱ ግን ከዋናው ፋይል ጋር አንድ መሆን አለበት፤ አለዚያ ቆረጣው ወደ ዋናው ሲመለስ ቦታውን ይስታል።

ድምፁ በተለየ መቅጃ ከተቀዳ ከምስሉ ጋር መጣመር አለበት። በቀረጻው መጀመሪያ የተደረገች አንዲት ጭብጨባ ለዚህ ትበቃለች፤ እጆቹ የገጠሙበት ፍሬምና በድምፁ ሞገድ ላይ የወጣው ሹል ጫፍ አንድ ላይ ይቀመጣሉ። ይሁን እንጂ መጀመሪያው ስለገጠመ መጨረሻው ገጠመ ማለት አይደለም። ካሜራውና መቅጃው ጊዜን የሚቆጥሩት በየራሳቸው ክሪስታል ነው። ልዩነታቸው ከሚሊዮን 20 ብቻ ቢሆን እንኳ በአንድ ሰዓት ውስጥ 72 ሚሊሰከንድ ይሆናል፤ በሰከንድ 25 ፍሬም ለሚሄድ ምስል ይህ ወደ ሁለት ፍሬም ይጠጋል። ከንፈር ሲንቀሳቀስ ድምፁ ዘግይቶ ሲመጣ ተመልካች የሚያየው ይህን ነው። ስለዚህ ረጅም ቃለ መጠይቅ በመጀመሪያውም በመጨረሻውም ይፈተሻል። ስልኮች ደግሞ የፍሬም ፍጥነታቸውን በቀረጻ መሃል ስለሚለዋውጡ፣ የስልክ ቀረጻ ገና ከመነሻው ወደ ቋሚ ፍጥነት ይቀየራል።

መዝገቡ

አሁን 8 ሰዓቱ ሁሉ ሳይዘለል ይታያል፤ እየታየም ይመዘገባል። መዝገቡ አራት ነገር ይይዛል፦ የፋይሉን ስም፣ የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ሰዓት፣ የሚታየውን ወይም የሚነገረውን፣ እና ጥራቱን። ለምሳሌ፦

`SM_D2_A_014`፣ ከ`00:14:32` እስከ `00:15:05`፦ ሸማኔው ከአባቱ ሥራውን እንዴት እንደተማረ ይናገራል፤ መጨረሻ ላይ ዝም ይላል። ድምፁ ጥሩ፤ ከኋላ መኪና ያልፋል።

«ዝም ይላል» የምትለዋ ማስታወሻ ከምንም በላይ ትጠቅማለች። ኤዲተሩ ከሦስት ሳምንት በኋላ የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ቅጽበት ነው፤ ፋይሉ በስሙ ብቻ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ አያገኘውም።

ቃለ መጠይቆቹ ቃል በቃል ይገለበጣሉ። ከዚያ የተመረጡት ንግግሮች ታትመው፣ ተቆርጠው ጠረጴዛ ላይ ይደረደራሉ፤ የፊልሙ ቅደም ተከተል መጀመሪያ የሚሠራው በወረቀት ነው። በወረቀት ላይ አንድ ታሪክ ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ ማምጣት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ክሊፖቹ ከተቆረጡ በኋላ ግን ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላል።

ንግግር ሲቆረጥ አንድ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአማርኛ ግሡ የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ አዎንታና አሉታም እዚያው ይለያሉ። ሸማኔው «ልጆቼ ይህን ሥራ እንዲማሩ» ብሎ ትንፋሽ ሲወስድ ኤዲተሩ ወደ ሸማው ምስል ከዘለለ ተመልካቹ «እፈልጋለሁ» ብሎ ይጨርሰዋል፤ ሰውየው ያለው ግን «አልፈልግም» ሊሆን ይችላል። ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከጋሞ የመጡ ናቸው። በጋሞኛ የተነገረ ካለ፣ በቋንቋው አፉን የፈታ ሰው እያንዳንዱን ቆረጣ አጠገብ ተቀምጦ ያዳምጥ። የሰው ቃል ተገልብጦ ከቀረበ የምስሉ ውበት ምንም አያካክሰውም።

የሚቆለፈው ምስል

በወረቀቱ መሠረት የመጀመሪያው ድርድር ይሠራል፤ ምናልባት 35 ደቂቃ ይሆናል። ከዚያ ወደ 18፣ ቀጥሎ ወደ 12 ደቂቃ ይወርዳል። በየደረጃው ታሪኩን የማያውቅ ሰው እንዲያየው ይደረግና የገባውን በራሱ ቃል እንዲናገር ይጠየቃል። ግራ የተጋባበት ቦታ መስተካከል ያለበት ቦታ ነው።

ከዚያ ምስሉ ይቆለፋል፤ ማለትም ከዚህ በኋላ አንድም ፍሬም አይጨመርም፣ አይቀነስም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ድምፁ፣ ሙዚቃውና የግርጌ ጽሑፉ የሚሠሩት ከየሰከንዱ ጋር ተያይዘው ነው። ሁሉም ካለቀ በኋላ በ4ኛው ደቂቃ ላይ 2 ሰከንድ ቢወጣ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የ8 ደቂቃ ሥራ ሁሉ እንደገና ይፈተሻል። ሥራው 6 ሳምንት ከተሰጠው፣ ቁልፉ በ4ኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ ይውደቅ።

ድምፅ፣ ጽሑፍና ኤክስፖርት

ከድምፅ መጀመሪያ የሚስተካከለው ንግግሩ ነው፤ ሙዚቃ በኋላ በእሱ ሥር ይገባል። በሁለት ቆረጣዎች መካከል ድምፁ ጭልጥ ብሎ ቢጠፋ ጆሮ ወዲያው ይነቃል። ስለዚህ ማንም ሳይናገር በሸማኔው ቤት የተቀዳ የ30 ሰከንድ ጸጥታ በክፍተቶቹ ሥር ይነጠፋል። የአውሮፓ ብሮድካስት ደረጃ አማካይ የድምፅ መጠኑን −23 `LUFS` ላይ ያስቀምጣል። ዩቲዩብ ወደ −14 ገደማ ስለሚያስተካክል ለሁለቱ የተለያየ ቅጂ ይወጣል።

ለግርጌ ጽሑፍ በላቲን ፊደል የተሰላውን የፊደል ቁጥር እንዳለ መውሰድ አይሠራም፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ተነባቢና አናባቢን አብሮ ይይዛልና። የተሻለው መለኪያ ጽሑፉን በተረጋጋ ድምፅ ማንበብ ነው፤ ንባቡ ሳያልቅ ጽሑፉ ከጠፋ ጊዜው አጥሯል ማለት ነው። ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ከታየ ደግሞ የተመረጠው ፎንት ግዕዝ የለውም ማለት ነው፤ እንደ `Noto Sans Ethiopic` ባለው ይተካል። ለብቻው የሚወጣው የ`SRT` ፋይል በ`UTF-8` ይቀመጣል።

ኤክስፖርት ከመደረጉ በፊት ፕሮክሲው ጠፍቶ ወደ ዋናው ፋይል መመለስ አለበት። ይህ ከተረሳ የጥበቡ ክር ተለይቶ መታየቱ ቀርቶ እንደ ጭቃ ይደበዝዛል። ከዚያ ሁለት ፋይል ይወጣል፦ በ`ProRes 422`፣ በ1920 በ1080፣ ወደ 11 ጊጋባይት የሚሆን ዋና ቅጂ፤ እና በ`H.264`፣ በሰከንድ 16 ሜጋቢት፣ 1.4 ጊጋባይት ገደማ የሚሆን የማሳያ ቅጂ። ሶፍትዌሩ «ተጠናቋል» ማለቱ አይበቃም። በሬንደር ጊዜ የተበላሸ ፍሬም ወይም የጠፋ ድምፅ የሚገኘው የወጣው ፋይል ራሱ፣ በሌላ ኮምፒውተርና በሌላ ድምፅ ማጉያ፣ 12ቱ ደቂቃ ሳይቆረጥ ሲታይ ነው። ስህተት ከተገኘ ታርሞ እንደገና ይወጣል፤ አዲሱም ፋይል እንደገና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይታያል።