ድርሰቱ የራስዎ ለመሆኑ ማስረጃው ምንድን ነው?

በአሜሪካ፣ በእንግሊዝ ወይም በአውስትራሊያ የሚማር ተማሪ ድርሰቱን በኢንተርኔት ሲያስገባ፣ ጽሑፉ ብዙ ጊዜ ከመምህሩ ዓይን በፊት በሶፍትዌር ውስጥ ያልፋል። ከእነዚህ ሶፍትዌሮች በሰፊው የሚታወቀው ተርኒቲን ነው። ተርኒቲን ለዓመታት ሲሠራ የኖረው ጽሑፉ ከየት እንደተቀዳ ማሳየት ነበር። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2023 ወዲህ ግን ከጽሑፉ ስንት በመቶው በሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ በተለምዶ ኤአይ በምንለው፣ የተጻፈ እንደሚመስል የሚገምት ቁጥርም ለመምህሩ ያቀርባል።

የሁለቱ ልዩነት ለተማሪው ትልቅ ነው። ቀድተሃል የተባለ ሰው ተቀዳ የተባለውን ምንጭ አይቶ መከራከር ይችላል። ኤአይ ጽፎልሃል የተባለ ግን የሚያየው ምንጭ የለም፤ ፊቱ ያለው ግምት ብቻ ነው። ግምትን ደግሞ በመሐላ ማፍረስ አይቻልም። የሚያፈርሰው ጽሑፉ ከባዶ ገጽ ተነስቶ እንዴት እዚህ እንደደረሰ የሚያሳይ ዱካ ነው። ይህ ዱካ ክስ ከመጣ በኋላ አይሠራም፤ ከጽሑፉ ጋር አብሮ መሠራት አለበት።

ለምን በእኛ ላይ ይበረታል?

እነዚህ መሣሪያዎች ከሚመለከቷቸው ነገሮች አንዱ ቀጣዩ ቃል ምን ያህል በቀላሉ እንደሚገመት ነው። ቃላቱ የተለመዱ፣ ዓረፍተ ነገሮቹም አንድ ዓይነት ከሆኑ ማሽን የጻፈው ይመስላቸዋል። እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት የተማረ ሰው የሚጽፈው ደግሞ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው፤ እርግጠኛ በሆነባቸው ቃላትና በተማረው ቅርጽ ይጽፋል።

የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ይህንን ፈትነውታል። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ያልሆነ ሰዎች ለቶፍል ፈተና የጻፏቸውን 91 ድርሰቶች ለሰባት መሣሪያዎች ሰጡ። በአማካይ 61 በመቶ የሚሆኑት ድርሰቶች በስህተት የኤአይ ሥራ ተባሉ። አሜሪካውያን የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች የጻፏቸውን ግን መሣሪያዎቹ ከሞላ ጎደል በትክክል ለይተዋቸዋል። ተርኒቲን ከሰባቱ አንዱ ስላልነበረ ቁጥሩን በቀጥታ ለእሱ መስጠት አይቻልም። ይሁንና የችግሩን መነሻ በግልጽ ያሳያል።

ስህተቱ ጥቂት ነው ቢባል እንኳ ብዛት ሲኖር ጥቂት አይሆንም። ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 የተርኒቲንን ኤአይ መለያ ሲያጠፋ ያቀረበው ስሌት ይህ ነበር፤ በዓመት 75,000 ጽሑፍ ያልፋል፣ ስህተቱ አንድ በመቶ ቢሆን 750 ጽሑፎች ያለ አግባብ ይጠረጠራሉ።

አንድ ድርሰት፣ አንድ ፋይል

በአንድ የአሜሪካ ኮሌጅ ነርሲንግ የምትማር ሐበሻ ተማሪ እንውሰድ። የደም ግፊት ታማሚዎች መድኃኒታቸውን ለምን እንደሚያቋርጡ 1,200 ቃል እንድትጽፍ ታዛለች። የመጀመሪያ ሥራዋ ጉግል ዶክስ ላይ ባዶ ፋይል መክፈት ነው። እስከ መጨረሻው የምትጽፈውም እዚያው ፋይል ላይ ነው። ስልኳ ላይ ጽፋ፣ ሌላ ቦታ አርማ፣ በመጨረሻ ሁሉንም ብትለጥፈው የፋይሉ ታሪክ የሚያሳየው አንድ ነገር ብቻ ይሆናል፤ በአንድ ቅጽበት ከሰማይ የወረደ 1,200 ቃል።

ጉግል ዶክስ የተጻፈውንና የተሰረዘውን ከነሰዓቱ በራሱ ይመዘግባል። መዝገቡ የሚገኘው `File` > `Version history` > `See version history` ውስጥ ነው። ጊዜ ሲያልፍ ሶፍትዌሩ ቅርብ ለቅርብ ያሉ ለውጦችን አንድ ላይ ሊያጠቃልላቸው ስለሚችል፣ ተማሪዋ የዕለቱን ሥራ ስትጨርስ እዚያው ዝርዝር ውስጥ ባለው `Name current version` ስም ትሰጠዋለች፦ «እቅድ»፣ «የመጀመሪያ ረቂቅ»፣ «ከአስጠኚ በኋላ»። ለአንድ ድርሰት አምስት ወይም ስድስት ስም ይበቃል።

በማይክሮሶፍት ወርድ የሚጽፉ ተማሪዎች አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ፋይሉ ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ከተቀመጠ እንዲህ ያለ ታሪክ አይኖረውም። ዋንድራይቭ ላይ መቀመጥና ከላይ በግራ ያለው `AutoSave` መብራት አለበት።

ከዱካው ሁሉ ክብደት ያለው የተሰረዘው ነው። ተማሪዋ ሐሙስ ዕለት ረቂቋን ይዛ ወደ ኮሌጁ የጽሑፍ ማዕከል ሄደች እንበል። አስጠኚው ሁለተኛው አንቀጽ «ታማሚዎች ግድ የላቸውም» እንደሚልና ማስረጃ እንደሌለው ይነግራታል። ማታ ተቀምጣ 140 ቃል ትሰርዝና በቦታው ሌላ ሐሳብ ታስገባለች፤ የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ሕመም ስለማይሰማው፣ ታማሚው የዳነ መስሎት መድኃኒቱን ይተዋል። የፋይሉ ታሪክ የተሰረዘውን አንቀጽ ከነመስመሩ፣ አዲሱን ደግሞ በቀለም ያሳያል። ከጽሑፍ ማዕከሉ ጋር የነበራት ቀጠሮ በኢሜይል ተመዝግቧል። ሁለቱ ቀኖች ሲገጥሙ፣ ሐሳብ ሲቀየር በዓይን ይታያል።

የአማርኛው ረቂቅ

ብዙዎቻችን በአማርኛ አስበን ነው በእንግሊዝኛ የምንጽፈው። ይህ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ጥሩ ማስረጃ ነው። ተማሪዋ ማክሰኞ ማታ ሦስት ነጥቦቿን በደብተሯ ላይ በአማርኛ ከጻፈች ገጹን በስልኳ ታንሳው። ፎቶው የተነሳበትን ሰዓት በውስጡ ይይዛል። በቴሌግራም ወደ ራሷ `Saved Messages` መላክ ከፈለገች ግን እንደ ፋይል ትላከው፤ እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ምስሉ ይጨመቅና ያ መረጃ ይጠፋል። ዋናውንም ከስልኳ አታጥፋው።

እዚህ ላይ ሐበሻን ብቻ የሚገጥም ወጥመድ አለ። ደብተሩ ላይ «ጥቅምት 11፣ ማታ 3 ሰዓት» ተብሎ ከተጻፈና ጉግል ዶክስ `October 21, 9:00 PM` ካለ፣ ሁለቱ አንድ ሰዓት መሆናቸውን እኛ እናውቃለን። ጉዳዩን የሚያየው የኮሌጅ ሰው ግን በ10 ቀንና በስድስት ሰዓት የተለያዩ ማስረጃዎች ነው የሚያየው። ለትምህርት የሚያዝ ማስታወሻ ሁሉ በአውሮፓ ቀንና ሰዓት ቢጻፍ፣ ወይም ሁለቱም ጎን ለጎን ቢቀመጡ ይሻላል።

አደጋው ያለው ትርጉም ላይ ነው። ሦስት አንቀጽ በአማርኛ ጽፎ፣ በጉግል ትራንስሌት አስተርጉሞ መለጠፍ በፋይሉ ታሪክ ላይ ከቻትጂፒቲ ከመቅዳት አይለይም። ከዚያም በላይ፣ አንዳንድ መምህራን ማሽን ትርጉምን ራሱን ያልተፈቀደ እርዳታ ያደርጉታል። ስለዚህ ከሥራው በፊት መምህሩን በኢሜይል መጠየቅና መልሱን ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ከተፈቀደ የአማርኛው ጽሑፍ በዚያው ፋይል ግርጌ ይቀመጥና ምን እንደተተረጎመ በአንድ መስመር ይጻፍ። ካልተፈቀደ ወይም መልስ ካልመጣ፣ እቅዱ በአማርኛ ይሁን፣ ዓረፍተ ነገሩ ግን ከመጀመሪያው በእንግሊዝኛ ይጻፍ።

እንደ ግራመርሊ ላሉ ማረሚያዎችም ልኩ ይኸው ነው። የፊደል ስህተት ማረም አንድ ነገር ነው፤ አንቀጹን እንዳለ አሳምሮ እንዲጽፍ ማዘዝ ግን ሌላ ነው፤ ያ አንቀጽ በእርግጥም የኤአይ ሥራ ይሆናል። «ሰው የጻፈው የሚያስመስሉ» የሚባሉትን ድረ ገጾችም መሸሽ ነው። ንጹሕ ጽሑፍ ይዞ ገብቶ የሚያስጠረጥር ይዞ መውጣት ይሆናል።

ጥሪው ሲመጣ

ኢሜይሉ ሲደርስ የመጀመሪያው ስሕተት ብዙ ጊዜ ከትሕትና ይመጣል። በባህላችን ካጠፋሁ ይቅርታ ማለት አክብሮት ነው። በእንግሊዝኛ ተጽፎ በመዝገብ ሲቀመጥ ግን እንደ እምነት ቃል ሊነበብ ይችላል። መልሱ አጭር ይሁን፦ ጽሑፉን እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ የአጻጻፉን ታሪክ ላሳይዎ ዝግጁ ነኝ፤ ሪፖርቱንና ጉዳዩ የሚታይበትን ደንብ እንዲልኩልኝ እጠይቃለሁ።

ከዚያ ፋይሉ ላይ ምንም አይነካም። ቅጂ መላክም አይጠቅም፤ በጉግል ዶክስ የተቀዳ ፋይል የቀድሞ ታሪኩን ይዞ አይሄድም። ታሪኩን ማየት የሚችለውም የማረም ፈቃድ ያለው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ የሚመረጠው በስብሰባው ላይ ላፕቶፕ ከፍቶ በአካል ማሳየት ነው። ፋይሉ በኮሌጁ አካውንት ከሆነ፣ አካውንቱ ቢዘጋ ሁሉም አብሮ ይሄዳል፤ ስም የተሰጣቸውን ቅጂዎች አንድ በአንድ ከፍቶ ከነቀናቸው ስክሪን ቀርጾ በግል ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ዱካውም ቢሆን ገደብ አለው። የሚያሳየው ጣት መተየቡን እንጂ ጭንቅላት ማሰቡን አይደለም። ከሌላ ስክሪን እያየ የሚገለብጥ ሰውም ታሪክ ይኖረዋል፤ ያለ ስርዝ ድልዝ ከላይ እስከ ታች የወረደ ቢሆንም። ስለዚህ መምህሩ «ይህን አንቀጽ ለምን ቀየርሽው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ተማሪዋ ስለ አስጠኚው አስተያየትና ሕመም ስለማይሰማው ታማሚ በራሷ አንደበት ስታስረዳ፣ ፋይሉና ቃሏ ይደጋገፋሉ። ከስብሰባው በፊት ድርሰቷንና የጠቀሰቻቸውን ጽሑፎች ደግማ ማንበቧ ለዚህ ነው።

በአሜሪካ በኤፍ-1 ቪዛ የሚማር ሰው ከትምህርት ከታገደ የቪዛ ሁኔታው አብሮ ሊናጋ ስለሚችል፣ ውሳኔ ሳይመጣ የኮሌጁን የውጭ ተማሪዎች አማካሪ ያነጋግር። በእንግሊዝና በዌልስ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ይግባኝ ሲያልቅ «ኮምፕሊሽን ኦፍ ፕሮሲጀርስ» የሚባለውን ደብዳቤ መቀበል ያስፈልጋል። ደብዳቤው ከተጻፈ በ12 ወር ውስጥ ኦአይኤ ለተባለው ገለልተኛ አካል አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። ያ አካል ከሚመለከታቸው ነገሮች አንዱ ዩኒቨርሲቲው የራሱን ደንብ መከተሉን ነው። እዚያ ድረስ ለሚዘልቅ ጉዳይ ኢሜይሎቹ፣ ሪፖርቱ፣ የስብሰባው ቃለ ጉባኤና የፋይሉ ታሪክ በአንድ ፎልደር፣ በቀን ቅደም ተከተል ተቀምጠው ቢገኙ ግማሹ ሥራ አልቋል ማለት ነው።