ታንከሩ የሚጠገንበት ቀን

«በታንከር ጥገና ምክንያት ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ውሃ አይኖርም።» እንዲህ ያለ ወረቀት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ኮንዶሚኒየም በር ላይ ሲለጠፍ ነዋሪው የሚያስበው ቅዳሜን ብቻ ነው። ሰዓቱን የሚወስነው ግን የጥገናው ዓይነት ነው፤ ወረቀቱ ብዙውን ጊዜ የሚዘለውም እሱኑ ነው።

ታንከሩ ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋውን ተንሳፋፊ ለመቀየር ግማሽ ቀን ይበቃል። የተሰነጠቀ የኮንክሪት ታንከር ግን ሌላ ነገር ነው። ውሃው ይራገፋል፣ ደለሉ ይወጣል፣ ስንጥቁ ተፈልፍሎ ውሃ በማያሳልፍ ሲሚንቶ ይደፈናል። ሥራው በአንድ ቀን ቢያልቅ እንኳ ሲሚንቶው እስኪጠነክር ቀናት ሊፈጅ ይችላል፤ ስንት እንደሆነ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል። በችኮላ ውሃ ከተለቀቀበት ድፍኑ ይላቀቅና ታንከሩ እንደገና ያፈሳል።

ከዚያ በክሎሪን ማከም ይቀጥላል። የተለመደው መንገድ ታንከሩን ሞልቶ ለ1,000 ሊትር ውሃ 1 ሊትር ሽታ ያልተጨመረበት 5 በመቶ በረኪና መጨመር፣ ለ24 ሰዓት ማቆየት፣ ከዚያም መድፋት ነው። 10,000 ሊትር በሚይዝ ታንከር ይህ ማለት 10 ሊትር በረኪናና አንድ ሙሉ ታንከር የሚደፋ ውሃ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን ማን ይደፍራል? ሁለተኛው መንገድ ይሻላል፦ በ20 ሊትር ባልዲ ውሃ 80 ሚሊ ሊትር ያንኑ በረኪና በጥብጦ ግድግዳውንና ወለሉን መቀባት፣ ለ30 ደቂቃ እንደረጠበ ማቆየት፣ በንጹሕ ውሃ አጥቦ ማስወገድ። ሠራተኛው ጓንትና መነጽር ያድርግ፤ አየር እንዲገባም ክዳኑ ክፍት ይሁን።

ፈረቃው ቀኑንም ይወስናል። ውሃ በመጣ ማግስት ታንከሩ ከተራገፈ የተጠራቀመው ይደፋል፣ ቀጣዩ እስኪመጣም ባዶውን ይቆያል። ብልህ ኮሚቴ አስቀድሞ መግቢያውን ዘግቶ ነዋሪው ውሃውን ተጠቅሞ እንዲጨርስ ያደርጋል፤ ሥራው የሚያልቅበትንም ከፈረቃው ዋዜማ ጋር ያገጣጥማል።

ነዋሪው ደግሞ ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ያስብ። አምስት ሰው ላለበት ቤት ለሁለት ቀን 200 ሊትር፣ ማለትም አሥር ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። የቦይለሩ ማብሪያ ይጥፋ፤ ውሃው ወደ ኋላ ከተመለሰ ማሞቂያው ደርቆ ይቃጠላል። ቧንቧ ሁሉ ይዘጋ፤ ክፍት የተረሳ ቧንቧ የታች ጎረቤትን ጣሪያ ያበሰብሳል።

ውሃው ሲመለስ መጀመሪያ የሚከፈተው የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ነው እንጂ ማጣሪያ ወይም የልብስ ማጠቢያ ማሽን አይደለም። የሚመጣው ውሃ ወተት ከመሰለ በብርጭቆ ይቀዳና ይታይ። ከታች ወደ ላይ እየጠራ ከሄደ አየር ነው፣ ጉዳት የለውም። ቡናማ ሆኖ ከስሩ ከዘቀጠ ግን ዝገት ወይም ደለል ነው፤ እስኪጠራ ይፍሰስ፣ ነጭ ልብስም አይታጠብበት። ካልጠራ ለኮሚቴው ይነገር፤ ታንከሩ በደንብ ሳይታጠብ ተሞልቶ ሊሆን ይችላል።